መንቀጥቀጡ ይሻላል ወይስ መጣመሙ?

የጥምቀት ዕለት ታቦት ከጃንሜዳ ሲመለስ፣ ከካህናቱ ፊት ፊት ወደ ኋላ እየተራመደ የሚቀርጽ የካሜራ ባለሙያ ማየት የተለመደ ነው። ሕዝቡ ትከሻውን ይገፋዋል፣ እግሩን ድንጋይ ያደናቅፈዋል፤ በእጁ የያዘው ካሜራም በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ስታብላይዘር የሚባለውን ማረጋጊያ ይጨምርበትና ሶፍትዌሩ አስልቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል። መልሶ ሲያጫውተው መንቀጥቀጡ በእርግጥም ጠፍቷል። ሆኖም ከካህናቱ ጀርባ ያለው የግንብ አጥር ይለመጣል፤ የመብራት ምሰሶው መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ ዳር የቆሙት ሰዎች ፊት ይረዝምና መልሶ ያጥራል።

በሠርግ፣ በበዓልና በዘገባ ቀረጻ ላይ የሚሠሩ ኤዲተሮች በየጊዜው የሚገጥማቸው ምርጫ ይህ ነው። ማረጋጊያው አንዱን ጉድለት ወስዶ ሌላ ይሰጣል፤ ሁለቱ ጉድለቶች ግን በተመልካች ዘንድ እኩል አይደሉም። ምስል ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹ ምክንያቱን ወዲያው ያውቃል፤ ካሜራውን የያዘው ሰው እየተራመደ ነው፣ ወይም ሰው ገፍቶታል። ግንብ ሲለመጥ ግን ምክንያት ያጣል። ግንብ እንደማይለመጥ ስለሚያውቅ ዓይኑ ከታቦቱ ተነስቶ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ማረጋጊያ መጠቀምና አለመጠቀም የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱን በሚገባ ለመመዘን ደግሞ ሶፍትዌሩ ምስሉን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመጋረጃው ጀርባ

ማረጋጊያው ሥራውን በሦስት ደረጃ ያከናውናል። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ በቀላሉ የሚለዩ ነጥቦችን ይመርጣል፤ የመስኮት ማዕዘን፣ የድንጋይ ጠርዝ ወይም የጨርቅ ጥለት ሊሆን ይችላል። ነጥቦቹ በቀጣዩ ፍሬም ላይ የት እንደደረሱ እየተከታተለ ካሜራው የሄደበትን መንገድ ይገምታል። ቀጥሎ ያንን ወጣ ገባ መንገድ አለስልሶ፣ ካሜራው ቢረጋጋ ኖሮ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ያሰላል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ፍሬም ከአዲሱ መንገድ ጋር እንዲገጥም ያንሸራትተዋል፣ ያዞረዋል፣ ያሰፋዋል፤ ይህ ካልበቃው እንደ ላስቲክ እዚህም እዚያም ይለጥጠዋል።

ፍሬም ሲንሸራተት ዳርና ዳሩ ባዶ ይቀራል። ባዶው እንዳይታይ ሶፍትዌሩ ምስሉን ያሳድግና ጠርዙን ይቆርጣል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ምስሉን ወደ 112 በመቶ ማሳደግ ከተቀረጸው ስፋት አንድ አምስተኛ የሚሆነውን መጣል ማለት ነው። ወደ 130 በመቶ ሲያድግ ደግሞ 41 በመቶው ይጠፋል፤ 1920 በ1080 የነበረው ምስል ወደ 1477 በ831 ገደማ ይወርድና እሱው ተለጥጦ ሙሉ ስክሪን ይሞላል። በመጀመሪያ የሚሳሳው የጥልፉ ዝርዝርና የፊት ጥራት ነው።

በአዶቤ ፕሪሚየር ውስጥ ያለው ዋርፕ ስታብላይዘር አራት የማረጋጊያ ዘዴዎች አሉት። Position ፍሬሙን ወደ ጎንና ወደ ላይ ታች ከማንሸራተት አያልፍም። Position, Scale, Rotation መጠኑንና ዘንበል ማለቱንም ያስተካክላል። Perspective የፍሬሙን አራት ማዕዘኖች ለየብቻ ይጎትታል። Subspace Warp የተባለው ደግሞ የተለያዩ የምስሉን ክፍሎች በተለያየ መጠን ይለጥጣል። ከአራቱ ኃይለኛው ይህ ነው፤ የግንቡ መለመጥ የሚመጣውም በአብዛኛው ከእሱ ነው። ተጠቃሚው ምንም ካልነካ ሶፍትዌሩ ራሱ የሚጀምረውም በዚሁ ዘዴ፣ Smoothness የሚለውን የማለስለሻ መጠን 50 በመቶ ላይ አድርጎ ነው።

የዘዴው ታሪክ ጉድለቱንም ያብራራል። በ2009 ፌንግ ሊው፣ ማይክል ግላይሸር፣ ሃይሊን ጂን እና አሲም አጋርዋላ የተባሉ ተመራማሪዎች በእጅ የተቀረጸን ቪዲዮ በሐዲድ ላይ በተጎተተ ካሜራ የተቀረጸ የሚያስመስል ስልት አቀረቡ። ካሜራው በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ምን ይታየው እንደነበር በትክክል ማስላት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ግባቸውን አውቀው ዝቅ አደረጉት። ምስሉ ለዓይን እውነት እንዲመስል እንጂ በልኬት ትክክል እንዲሆን አልሞከሩም። በ2011 ከዚሁ የምርምር መስመር የወጣ ሁለተኛ ሥራ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ዋርፕ ስታብላይዘር በአዶቤ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ለተጠቃሚ ቀረበ። እንግዲህ ሶፍትዌሩ ገና ከመሠረቱ ዓይንን ለማሳመን የተሠራ ነው። ዓይን ባልተታለለበት ቦታ ሁሉ ሥራው አልተሳካም።

ሲያሸበሽቡ የሚወዛወዝ ግድግዳ

ካሜራው በቆመበት ዘወር ብቻ ሲል፣ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም ነገር በምስሉ ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ለማረጋጋት የሚቀለው ይህ ነው፤ ፍሬሙን በሙሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ማንሸራተት ይበቃል። ባለሙያው ሲራመድ ግን ካሜራው ራሱ ቦታ ይለቃል። ያን ጊዜ ሁለት ሜትር ላይ ያለው ዲያቆን በምስሉ ውስጥ ብዙ ሲሄድ፣ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለው ግንብ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ሶፍትዌሩ ዲያቆኑን ባለበት ለማቆም ሲጎትት ግንቡን አብሮ ይጎትተዋል፤ ግንቡን ሲያቆም ዲያቆኑ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ለማቆም ሲሞክር በመካከላቸው ያለውን ቦታ መለጠጥ ግድ ይሆንበታል። ሰው ለካሜራው በቀረበና ዳራው በራቀ ቁጥር መጣመሙ ይብሳል።

የበዓል ቀረጻ በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወረብ ሲያቀርቡና ሲያሸበሽቡ በአንድ ዜማ፣ በአንድ አቅጣጫ ይወዛወዛሉ። ፍሬሙን ሞልተው ከቆሙ፣ ሶፍትዌሩ ከመረጣቸው ነጥቦች አብዛኞቹ የሚያርፉት ነጩ ልብስና ጥምጥም ላይ ነው። ብዙ ነጥብ በአንድ ላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሶፍትዌሩ ካሜራው ወደ ግራ የዞረ ይመስለዋል፤ ሰዎቹ ስለመንቀሳቀሳቸው የሚያውቀው ነገር የለም። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ የሊቃውንቱ ሽብሸባ ይደበዝዝና የቆመው ቤተ ክርስቲያን በዜማው ልክ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል።

ይህን ለመለየት ብልሃቱ ቀላል ነው። ከሰዎቹ ላይ ዓይንን አንስቶ በፍሬሙ ውስጥ የማይንቀሳቀስ አንድ ነገር፣ ምሰሶ ወይም የበር መቃን፣ መምረጥና እሱን ብቻ እያዩ ቪዲዮውን መጨረስ ነው። ምሰሶው ከዜማው ጋር ከሄደ ሶፍትዌሩ የተከታተለው ሰዎቹን ነው። አፍተር ኢፌክትስ የመከታተያ ነጥቦቹን ስለሚያሳይ፣ ሰዎቹ ላይ ያረፉትን መርጦ መሰረዝና ስሌቱን በግንቡ ላይ በቀሩት ነጥቦች ብቻ ማሠራት ይቻላል። ግንቡ ከትከሻ በላይ በጠባቡ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን የሚበቃ ነጥብ አይገኝም።

የማይወጣ ብዥታ

አንዳንዴ ምንም ነገር ሳይጣመም የተረጋጋው ቪዲዮ ከመጀመሪያው የከፋ ይመስላል። ለዚህ ተጠያቂው ብዥታ ነው።

በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ የተለመደው የሻተር ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ነው። አንድ የእርምጃ ንዝረት ከአንዱ ፍሬም እስከ ሌላው ምስሉን 60 ፒክስል ያህል ወደ ታች ገፋው እንበል። ሻተሩ ከዚያ ጊዜ ግማሹን ክፍት ስለሚሆን፣ በዚያ ፍሬም ላይ እያንዳንዱ ነገር 30 ፒክስል ያህል ተጎትቶ ይደበዝዛል። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ብዥታው ተገቢ ይመስላል፤ ነገሩ እየሮጠ ነውና ቢደበዝዝ አይገርምም። ማረጋጊያው ፍሬሙን ወደ ቦታው ሲመልሰው ግን ብዥታው አብሮ ይመለሳል። ተመልካቹ የሚያየው ሳይንቀሳቀስ ቆሞ በየእርምጃው ለቅጽበት የሚደበዝዝና መልሶ የሚጠራ ፊት ነው። ትኩረት እየሳተ የሚመለስ ሌንስ የተበላሸበት ካሜራ ያስመስለዋል። ሻተሩ 1/200 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ንዝረት የሚያመጣው ብዥታ ከ8 ፒክስል ባነሰ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ ሮሊንግ ሻተር ይባላል። የአብዛኞቹ ስልኮችና ካሜራዎች ሰንሰር ምስሉን ባንዴ አያነብም፤ ከላይኛው መስመር ጀምሮ ወደ ታች በተራ ያነባል። ንባቡ ሳያልቅ ካሜራው ከተነቃነቀ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የተለያየ ቅጽበት ይይዛሉ፤ ቀጥ ያለ ምሰሶም ያዘነብላል ወይም ይጎብጣል። በጥሬው ቪዲዮ ይህ ከመንቀጥቀጡ ጋር ተደባልቆ ስለሚያልፍ ብዙም አይታይም። መንቀጥቀጡ ሲወገድ ግን ለብቻው ይቀርና ምስሉ ሁሉ ጄሊ የሆነ ይመስላል። ሶፍትዌሮች ማስተካከያ አላቸው፤ ዋርፕ ስታብላይዘር ውስጥም Rolling Shutter Ripple የሚል ምርጫ አለ። ለቀላሉ ይረዳል፤ ኃይለኛውን ጎበጥ ግን ሙሉ በሙሉ አያቃናም።

አሥራ አራት ሰከንድ፣ ሦስት ውሳኔ

እስካሁን የተባለው በአንድ ቪዲዮ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 14 ሰከንድ፣ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የሆነ የጥምቀት ቪዲዮ እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ባለሙያው ቆሞ ሰልፉን ከሩቅ ይቀርጻል፤ የሚታየው የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። በቀጣዮቹ አምስት ሰከንዶች ካህናቱ ቀርበው ፍሬሙን ሲሞሉት ወደ ኋላ ይራመዳል። በመጨረሻዎቹ አራት ሰከንዶች ሕዝቡ ይገፋዋል፤ ካሜራው ሁለት ጊዜ በኃይል ይናጋና ወደ ጎን ይዞራል።

ኤዲተሩ ሳይቆርጥ ማረጋጊያውን በሙሉ ቪዲዮው ላይ ካደረገው፣ ሶፍትዌሩ ምስሉን ወደ 130 በመቶ ሊያሳድገው ይችላል። ቁጥሩ በAuto-scale ስር ተጽፎ ይታያል፤ መጀመሪያ መነበብ ያለበትም እሱ ነው። ከታቦቱ በላይ የተዘረጋው ጥላ ከላይ ተቆርጧል። ለዚህ ምክንያቱ ሶፍትዌሩ አንድ የማሳደጊያ መጠን ለጠቅላላው ቪዲዮ ማውጣቱ ነው። በመጨረሻ የመጡት ሁለቱ ግፊያዎች ባዶ ጠርዝ እንዳያሳዩ ሲባል፣ ምንም ያልሆኑት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶችም እኩል ይቆረጣሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮው ሦስት ቦታ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይታያል።

የመጀመሪያው ክፍል ቀላሉ ነው። ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ መለጠጥ አያስፈልገውም። Position, Scale, Rotation ተመርጦ ማለስለሻው ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ምስሉ የሚያድገው ወደ 104 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ከስፋቱ 8 በመቶ እንኳ አይጠፋም፤ አጥሩም ቀጥ እንዳለ ይቆያል።

ሁለተኛው ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል። Subspace Warp ሲደረግበት ግንቡ ይለመጣል፤ ስለዚህ ወደ Position ዝቅ ይደረግና ማለስለሻው 10 በመቶ ላይ ይሆናል። ዘዴውን መቀየር እንደ አዲስ መተንተን ስለማይጠይቅ ሁለቱን እያፈራረቁ ማየት ጊዜ አይወስድም። 10 በመቶው ድንገተኛውን የእርምጃ ንዝረት ይቀንሳል፤ ዝግተኛውን መወዛወዝ ግን ይተወዋል። ተመልካቹ አሁንም ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ካሜራ መሆኑን ያያል፤ ዓይኑን የሚመታው ነገር ግን ቀንሷል። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ያለው እዚህ መካከል ላይ ነው፤ መንቀጥቀጡን በከፊል መተው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ማረጋጊያው ይነሳል። በግፊያው ቅጽበት ያሉት ፍሬሞች ደብዝዘዋል፤ ምሰሶውም በሮሊንግ ሻተር አዘንብሏል። የትኛውም ቅንብር እነዚህን አይመልስም። ያለው ምርጫ ግፊያውን እንዳለ መተው ወይም ድምፁን ሳያቋርጡ በላዩ ላይ ሌላ ምስል ማድረግ ነው። የከበሮ መቺው እጅ ወይም የጥላው ዘርፍ ለሁለት ሰከንድ ቢታይ ዝማሬው ስለሚቀጥል መቆረጡን ማንም አያስተውልም።

ውሳኔውን ለመፈተሽ የተሠራውን ቪዲዮ በሙሉ ስክሪንና በትክክለኛ ፍጥነቱ ማጫወት ያስፈልጋል። በኤዲቲንግ መስኮት ውስጥ ያለችው ትንሽ ምስል የአጥሩን መለመጥ ትደብቃለች፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይን የሚሄድባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ዳር ላይ ያሉ ፊቶች፣ እና መሬቱ። መሬቱ ይረሳል። የሚራመዱ ሰዎች እግር አስፋልቱ ላይ የሚንሸራተት ከመሰለ ማረጋጊያው በዝቷል።

ንቅናቄው የታሪኩ አካል ሲሆን

በ1998 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ፊልም መጀመሪያው አካባቢ የኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ውጊያን ያሳያል። የፎቶግራፍ ዳይሬክተሩ ያኑሽ ካሚንስኪ ካሜራውን በእጅ አስይዞ ከመቅረጹም በላይ፣ ምስሉን ሆን ብሎ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ተጠቅሟል። መንቀጥቀጡ ተመልካችን ሳያሰለች ያለፈበት አንዱ ምክንያት ሻተሩ ነው። ለፊልም ከተለመደው ወደ ግማሽና ወደ ሩብ አሳጥሮት ስለነበር፣ ፍሬሙ እየዘለለም ቢሆን የአሸዋው ፍንጣቂና የወታደሮቹ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ተመልካች ብዙ ንቅናቄ ይችላል፤ ቶሎ የሚደክመው ምስሉ ሲደበዝዝበት ነው።

ቪዲዮው ማስረጃ ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል። አብርሃም ዛፕሩደር በኅዳር 1963 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዳላስ ከተማ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ በ8 ሚሊሜትር ፊልም ቀርጿል፤ ርዝመቱ ከ27 ሰከንድ አይበልጥም። በኋላ ከተሠሩት የተረጋጉ ቅጂዎች አንዳንዶቹ መኪናዋን መሐል ላይ አቁመው የፍሬሙን ጥቁር ጠርዝ እንዲዘል ይተዉታል። ለዓይን አይመችም፤ ግን ምንም ነገር አልተቆረጠም፣ አልተለጠጠም። የአደጋ፣ የግጭት ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ የሆነ ቪዲዮ የያዘ ዘጋቢም መለጠጥ የሚጨምሩ ዘዴዎችን መንካት የለበትም። የአንድ ሰው ክንድ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ በሚፈለግበት ምስል ላይ ክንዱን ያንቀሳቀሰው ሶፍትዌሩ ሊሆን ይችላልና።

ከመቅረጹ በፊት

መጣመምን ከሥሩ የሚቀንሰው ምስሉን ሳያይ የሚያረጋጋ ስልት ነው። አዳዲስ ካሜራዎች በውስጣቸው ያለው ጋይሮስኮፕ የሚለካውን መዞር በቪዲዮው ፋይል ውስጥ ይመዘግባሉ። ጋይሮፍሎው የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን መረጃ አንብቦ ፍሬሞቹን ያስተካክላል። ነጥብ ስለማይከታተል ሽብሸባው አያሳስተውም፤ ግንቡም ከዜማው ጋር አይሄድም። ገደብም አለው። የሚያውቀው የካሜራውን መዞር እንጂ ከቦታ ቦታ መሄዱን አይደለም፤ ስለዚህ የእርምጃው ከፍታና ዝቅታ ቅርብ ባሉ ሰዎች ላይ መታየቱ አይቀርም። ብዥታውንም እንዳለ ይተወዋል።

ስልክም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። በ2022 በአይፎን 14 የመጣው ለሩጫ ቀረጻ የሚሆን ማረጋጊያ ምስሉን ከ4ኬ ወደ 2.8ኬ ያወርደዋል፤ ጠርዙን ለማንሸራተቻ ስለሚጠቀምበት ነው። ሻተሩንም ማሳጠር ስላለበት በቂ ብርሃን ይፈልጋል። በጥር ፀሐይ ስር ጥሩ ይሠራል፤ ማታ በአዳራሽ ውስጥ ባለ ሠርግ ላይ ግን ምስሉ ይጠቁራል።

ኋላ በኮምፒውተር እንደሚያረጋጋ አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ ሦስት ነገር ያደርጋል። ብርሃን ካለ ሻተሩን ወደ 1/100 ወይም 1/200 ያሳጥራል። የመጨረሻው ሥራ 1920 በ1080 ቢሆንም በ4ኬ ይቀርጻል፤ እንዲያ ሲሆን 130 በመቶ ማሳደግ እንኳ ጥራቱን አይነካውም። ከጥላው በላይና ከካህናቱ ግራ ቀኝም ሰፋ ያለ ቦታ ይተዋል።

የተቀረጸውን ለኤዲተር የሚልከው በቴሌግራም ከሆነ፣ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ መላክ አለበት። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ተጨምቆ ትንንሽ ዝርዝሮች ይጠፋሉ፤ ሶፍትዌሩ የሚከታተለው የድንጋይ ጠርዝና የጨርቅ ጥለት የሚገኘው ግን በእነዚያው ዝርዝሮች ውስጥ ነው። በፋይሉ ውስጥ የነበረው የጋይሮስኮፕ መዝገብም ተጠብቆ የሚደርሰው ዋናው ፋይል ሳይነካ ሲላክ ነው።